ዋናውን ቪዲዮ ከታመቀው ጋር በልኬት ማነጻጸር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቪዲዮ አምቆ ማስቀመጥ ወይም መላክ ሥራቸው የሆነ ሰዎች በኤስሲም እና በቪማፍ መለካት ሲጀምሩ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። እነዚህ መለኪያዎች በስክሪን ላይ SSIM እና VMAF ተብለው የሚታዩት ናቸው። መልሶቹ እርስ በርሳቸው እንዲያያዙ በአንድ ቀረጻ ላይ እንቆያለን። ቀረጻው በመስቀል ዋዜማ ደመራ ሲለኮስ የተነሣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሲሆን ስፋቱ 1920 በ1080 ፒክስል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ጠቅላላ የፍሬሙ ብዛትም 1500 ነው። ይህን ቀረጻ የመረጥሁት ለማመቅ የሚያስቸግሩ ነገሮች ሁሉ በአንድ ላይ ስላሉበት ነው፦ ቀስ በቀስ የሚጨልም ሰማይ፣ ጭስ፣ የሚፈናጠር የእሳት ብልጭታ፣ ነጠላ የለበሰ ብዙ ሕዝብ።

ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቼ በዓይኔ ባያቸው ለምን አይበቃም?

የቪዲዮ ጥራት የመጨረሻ ዳኛ የሰው ዓይን ነው። መለኪያዎቹም የተሠሩት ሰዎች ቪዲዮ አይተው የሚሰጡትን ፍርድ ለመተንበይ ነው። ችግሩ የአንድ ሰው ዓይን፣ በአንድ ስክሪን፣ በአንድ ምሽት የሚሰጠው ፍርድ የማይደገም መሆኑ ነው። የትኛው ፋይል ዋናው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በታመቀው ላይ ጉድለት ይፈልጋል፣ የፈለገውንም ያገኛል። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ሲከፈት ደግሞ ማጫወቻው እያንዳንዱን ምስል ወደ ግማሽ ስፋት ስለሚያሳንሰው በማመቅ የጠፋው ረቂቅ ዝርዝር በዋናውም ላይ አብሮ ይጠፋል፤ ተመልካቹም ልዩነት የለም ብሎ ይደመድማል።

ቪዲዮውን አቁሞ ማየትም የራሱ ወጥመድ አለው። ኢንኮደር ሁሉንም ፍሬሞች በእኩል ጥራት አያስቀምጥም፤ ሌሎቹ ለሚመሠረቱባቸው ፍሬሞች ብዙ ቢት ይመድባል፣ በመካከል ለሚገቡት ይቀንሳል። ስለዚህ ያቆምንበት ቦታ በአጋጣሚ ጥሩ ፍሬም ላይ ወይም ደካማ ፍሬም ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ከዚያች አንዲት ፍሬም ተነሥቶ ስለ 1500 ፍሬም መፍረድም አይቻልም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት BT.500 በተባለው ምክረ ሐሳቡ የዓይን ፈተና በሥርዓት እንዴት እንደሚካሄድ ደንግጓል፤ የክፍሉ ብርሃን፣ ከስክሪኑ ያለው ርቀት፣ የተመልካቾቹ ብዛትና አመራረጥ ሁሉ የተወሰነ ነው። እንዲህ ያለ ፈተና ለእያንዳንዱ ፋይል ማዘጋጀት የሚችል ሰው ስለሌለ ነው ወደ ስሌት የምንሄደው።

ኤስሲም የሚለካው ምንድን ነው?

ከእርሱ በፊት የነበረው የተለመደ መንገድ የሁለቱን ምስሎች ፒክስሎች አንድ በአንድ ቀንሶ፣ ልዩነቶቹን በየራሳቸው አባዝቶ አማካያቸውን መውሰድ ነበር። በስክሪን ላይ PSNR የሚባለው መለኪያ ከዚህ ስሌት የሚወጣ ነው። ይህ ስሌት የስሕተቱን መጠን እንጂ ዓይነቱን አያውቅም። ዡ ዋንግ፣ አለን ቦቪክ፣ ሐሚድ ሼክ እና ኤሮ ሲሞንቼሊ በ2004 ኤስሲምን ባቀረቡበት ጽሑፍ ይህን ያሳዩት የአንድን ጀልባ ምስል በተለያየ መንገድ በማበላሸት ነበር። ሁሉም የተበላሹ ቅጂዎች በአሮጌው ስሌት ስሕተታቸው እኩል 210 ነበር። በኤስሲም ሲለኩ ግን ብርሃኑ ብቻ በጥቂቱ ከፍ ያለው ቅጂ 0.99 ሲያገኝ፣ በጄፔግ ክፉኛ የታመቀው 0.69 ላይ ወደቀ። የመጀመሪያውን ማንም ሰው ደህና ምስል ነው ይለዋል፤ ሁለተኛው በብሎክ የተሞላ ነው።

ኤስሲም ምስሉን በትንንሽ መስኮቶች እየከፈለ በእያንዳንዱ መስኮት ሦስት ነገሮችን ያነጻጽራል፦ አማካይ ብርሃንን፣ ኮንትራስትን፣ እንዲሁም በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ፒክስሎች አብረው የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን ቅርጽ። የነጠላው ሽመና ከጠፋ ብርሃኑ ባይለወጥም ቅርጹ ስለሚጠፋ ውጤቱ ይወርዳል። ሁለቱ ምስሎች ፍጹም አንድ ከሆኑ ውጤቱ 1 ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ። ከ0.98 ወደ 0.96 መውረድ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ1 የጎደለው ከ0.02 ወደ 0.04 ማደጉን፣ ማለትም ጉድለቱ እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል። ልኬቱን የምናካሂድበት ፕሮግራም FFmpeg ውጤቱን በቅንፍ ውስጥ በዴሲቤልም የሚያሳየው ለዚህ ነው፤ 0.98 ወደ 17 ዴሲቤል ገደማ፣ 0.96 ወደ 14 ገደማ ይሆናል። እኔ ሁለት ፋይሎችን ሳወዳድር የማየው ይህንን ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

ቪማፍ ከዚህ በምን ይለያል?

ቪማፍን ኔትፍሊክስ ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቶ በ2016 ምንጩን ክፍት አድርጎ አወጣው። በራሱ አንድ ቀመር አይደለም። ከምስሉ የቀረውን መረጃና የጠፋውን ዝርዝር የሚለኩ ሁለት የቆዩ መለኪያዎችን ይወስዳል፣ በተከታታይ ፍሬሞች መካከል ያለውን የእንቅስቃሴ መጠን ይጨምራል፣ ከዚያም እነዚህን ሁሉ፣ ሰዎች በእውነተኛ የዓይን ፈተና በሰጧቸው ነጥቦች በሠለጠነ ሞዴል አዋሕዶ ከ0 እስከ 100 አንድ ነጥብ ያወጣል። እንቅስቃሴን መቁጠሩ ጠቃሚ ነው፤ ሕዝቡ እየዘለለ ሲዘምር ዓይን የሚያልፈውን ብዥታ፣ ጸጥ ባለ ምስል ላይ አያልፈውም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ነጥቡ የሚናገረው ሞዴሉ ስለሠለጠነበት ሁኔታ ነው። የተለመደው ሞዴል `vmaf_v0.6.1` ተመልካቹ ባለ 1080 መስመር ቴሌቪዥን ፊት የስክሪኑን ቁመት ሦስት እጥፍ ርቆ እንደተቀመጠ ያስባል። ለእጅ ስልክና ለ4ኬ ቴሌቪዥን ሌላ ሞዴል አለ፤ በአንዱ የተገኘ 90 ከሌላው 90 ጋር አይወዳደርም።

ልኬቱን እንዴት አካሂዳለሁ?

ለኤስሲም FFmpeg ብቻውን ይበቃል፤ ለቪማፍ ግን libvmaf ተጨምሮበት የተሠራ መሆን አለበት። በትእዛዙ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው የታመቀው ፋይል፣ ሁለተኛው ዋናው ነው።

```
ffmpeg -i damera_enc.mp4 -i damera.mov -lavfi "[0:v]setpts=PTS-STARTPTS,format=yuv420p[d];[1:v]setpts=PTS-STARTPTS,format=yuv420p[r];[d][r]libvmaf=log_fmt=json:log_path=vmaf.json" -f null -
```

`setpts` ሁለቱም ፋይሎች ከዜሮ ሰዓት እንዲጀምሩ ያደርጋል፤ `format` ደግሞ የቀለም አቀማመጣቸውን አንድ ያደርጋል። ለኤስሲም `libvmaf=log_fmt=json:log_path=vmaf.json` በሚለው ምትክ `ssim=stats_file=ssim.log` ይጻፋል። ሁለቱም የየፍሬሙን ነጥብ ወደ ፋይል ይጽፋሉ፣ ያ ፋይል በመጨረሻ በስክሪን ላይ ከሚወጣው አማካይ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን ፋይል ከራሱ ጋር መለካት ጥሩ ልማድ ነው። ኤስሲም ልክ 1 መስጠት አለበት። ቪማፍ ግን ምስሉ በማይንቀሳቀስበት ቦታ 97 ገደማ ቢሰጥ አያስደነግጥም፤ ይህ የሞዴሉ ባሕርይ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም።

ምስሉ ለዓይን ጥሩ ነው፣ ቪማፍ ግን 60 ገደማ ሰጠኝ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ፋይሉ ሳይሆን ንጽጽሩ ነው፤ በጣም የተለመደው ምክንያትም የአንድ ፍሬም መንሸራተት ነው። ቪዲዮ ከኤዲቲንግ ፕሮግራም ሲወጣ ወይም ሲቆረጥ ከመጀመሪያው አንዲት ፍሬም ልትጎድል ወይም ልትጨመር ትችላለች። ተመልካች ይህን ፈጽሞ አያውቀውም፤ መለኪያው ግን የታመቀውን 100ኛ ፍሬም ከዋናው 101ኛ ጋር እያነጻጸረ የእንቅስቃሴውን ሁሉ እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል።

ምልክቱ በየፍሬሙ ነጥብ ላይ በግልጽ ይታያል። ካሜራው ቆሞ ባዶውን ሰማይ በሚያሳይበት ቦታ ነጥቡ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ካሜራው መዞር እንደጀመረ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፣ ሲቆም እንደገና ይመለሳል። እውነተኛ የማመቅ ጉዳት እንዲህ በካሜራው እንቅስቃሴ ልክ ጠርዝ የያዘ አወራረድ የለውም። መፍትሔው ትርፍ ፍሬም ባለው ፋይል ላይ፣ ከ`setpts` በፊት፣ `trim=start_frame=1` ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ሳይቸገር ነጥቡ ወደ 90ዎቹ ከዘለለ ምክንያቱ ያ ነበር ማለት ነው። ነጥቡ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሆኖ ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከወደቀ ደግሞ በመካከል ፍሬም ጠፍቷል፤ ይህም ብዙ ጊዜ በስልክ በተቀረጹ፣ የፍሬም ፍጥነታቸው በሚዋዥቅ ቪዲዮዎች ላይ ይደርሳል።

በእንቅስቃሴውም በጸጥታውም ላይ እኩል ዝቅ ያለ ነጥብ ከታየ የብርሃን ክልሉን መመርመር ይገባል። አንዱ ፋይል ጥቁርን ከ16፣ ሌላው ከ0 የሚጀምር ከሆነ ምስሉ ሁሉ በአንድነት የጠወለገ ወይም የጠቆረ ይሆናል።

የታመቀው 720፣ ዋናው 1080 ቢሆንስ?

የታመቀው ወደ ዋናው ስፋት ከፍ ተደርጎ ይለካል፤ በመጀመሪያው ሰንሰለት `scale=1920:1080:flags=bicubic` ይጨመራል። ዋናውን ወደ 720 አሳንሶ መለካት ስሕተት ነው፤ በማሳነስ የጠፋውን ዝርዝር ከሁለቱም ላይ ስለሚያጠፋ ነጥቡ ያለ አግባብ ያምራል።

አማካዩ 94.5 ነው። ይህ በቂ አይደለም?

ይህን ጥያቄ በደመራው ቀረጻ ላይ እንመልከተው፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ቀረጻው በኢንተርኔት እንዲተላለፍ ስለተፈለገ በዚህ ዓይነት የቢት ጣሪያ ታመቀ፦

```
ffmpeg -i damera.mov -c:v libx264 -preset slow -b:v 2500k -maxrate 2500k -bufsize 2500k -pix_fmt yuv420p -an damera_enc.mp4
```

ከ1500ው ፍሬም 1450ው ቪማፍ 96 አገኙ። የቀሩት 50 ፍሬሞች፣ ማለትም ሁለት ሰከንድ ብቻ፣ 51 ላይ ወደቁ። አማካዩ ሲሰላ 1450 በ96፣ ሲደመር 50 በ51፣ ሲካፈል ለ1500፣ ልክ 94.5 ይሆናል። መዝገቡ ውስጥ አብሮ የሚገኘው ሃርሞኒክ አማካይ ለዝቅተኛ ነጥቦች ይበልጥ ክብደት ይሰጣል ይባላል፤ እዚህ ግን 93.3 ገደማ ነው፣ እርሱም ማንንም አያስጠነቅቅም። ፍሬሞቹ ከዝቅተኛው ጀምረው ቢደረደሩና የመጀመሪያው አንድ በመቶ፣ ማለትም ዝቅተኛዎቹ 15 ፍሬሞች ቢታዩ ግን ሁሉም 51 ናቸው።

እነዚህን 15 ፍሬሞች የሚያወጣው አጭር መንገድ ይህ ነው፦

```
python3 -c "
import json
f=json.load(open('vmaf.json'))['frames']
f.sort(key=lambda x:x['metrics']['vmaf'])
for x in f[:15]: print(x['frameNum'],x['metrics']['vmaf'])"
```

የፍሬሙ ቁጥር ለ25 ሲካፈል ሰከንዱን ይሰጣል። ቁጥሮቹ ከ930 በላይ ባሉት ላይ ተከማችተው ነበር፤ 930 ለ25 ሲካፈል 37.2 ሰከንድ ነው። ቪዲዮውን እዚያ ላይ ስንከፍተው ችቦዎቹ ወደ ደመራው የቀረቡበት፣ ነበልባሉ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ብልጭታው ስክሪኑን የሞላበት ቅጽበት ነው። ሰው ይህን ቪዲዮ የሚያየው ለዚያች ቅጽበት ነው፤ የተበላሸችውም እርሷ ነች። ጭሱ ወደ አራት ማዕዘን ብሎኮች ተለውጧል፣ ከፊት የቆሙት የመዘምራኑ ፊቶች እንደ ቀለጠ ሰም ሆነዋል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ብልጭታ ካለፈው ፍሬም ተነሥቶ ሊተነበይ አይችልም፤ ስለዚህ ኢንኮደሩ በዚያች ሰከንድ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ቢት ይፈልጋል። እኛ ግን የመጠባበቂያ ቋቱን `bufsize` በአንድ ሰከንድ ልክ፣ ጣሪያውን `maxrate` ደግሞ ከአማካዩ ጋር እኩል አድርገን አስረነዋል። በጸጥታው ሰማይ ላይ የተረፈውን ቢት አጠራቅሞ ለእሳቱ ሊያውለው አልቻለም። አማካዩን በ2500 ትተን `-maxrate 5000k -bufsize 10000k` ብንፈቅድለት፣ በሁለት ዙር ቢያምቅ ደግሞ የበለጠ፣ የፋይሉ መጠን ሳይለወጥ ሰማዩ ጥቂት ነጥብ አጥቶ እሳቱ ይድናል። አማካዩ ብዙም ላይንቀሳቀስ ይችላል፣ ከዚያም አልፎ ሊቀንስ ይችላል። አማካይን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ማሻሻያ እንደ ጉዳት ቆጥሮ ይተወዋል። እንደ እኔ እምነት የአንድ በመቶው ዝቅተኛ ነጥብ ያልተጻፈበት የቪማፍ ሪፖርት ያልተሟላ ሪፖርት ነው።

ነጥቡ ከፍተኛ ነው፣ ዓይኔ ግን ጉድለት ያያል። ማንን ልመን?

በዚህ ጊዜ ዓይንን ማመን ይገባል፤ ሁለት የታወቁ ስውር ቦታዎች አሉና። አንደኛው ቪማፍ የሚመለከተው ብሩህነትን ብቻ መሆኑ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ዋናውን ቀረጻ ቀለሙን ሁሉ አጥፍቶ ጥቁርና ነጭ አድርጎ መለካት ይቻላል፤ ነጥቡ እንደ ዋናው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በእኛ ቀረጻ ላይ የነጠላው ቀይ ጥለት ወደ ነጩ ጨርቅ ቢፈስ ወይም ቢደበዝዝ ቪማፍ አያየውም ማለት ነው። የFFmpeg የኤስሲም ውጤት ግን `Y`፣ `U` እና `V` ብሎ ለየብቻ ያወጣል፤ ሁለቱ መጨረሻዎች የቀለም ናቸው። `Y` ደህና ሆኖ `V` ለብቻው ከወረደ ቀዩን ጥለት ሄዶ ማየት ነው።

ሁለተኛው አመሻሹ ሰማይ ነው። ቀስ በቀስ መጨለም የሚገባው ቀለም በእርከን ተከፋፍሎ እንደ ደረጃ ሲታይ ለዓይን በጣም ያስቀይማል፤ በፒክስል ደረጃ ግን ልዩነቱ አንድና ሁለት ብቻ ስለሆነ ኤስሲምም ቪማፍም ይዘሉታል። ኔትፍሊክስ ራሱ ለዚህ ጉድለት ካምቢ የተባለ ሌላ መለኪያ መሥራቱ ቪማፍ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሻማ ብርሃን የተቀረጸ ቪዲዮም በዚህ ረገድ ተመሳሳይ ነው፤ ክፍሉን አጨልሞ፣ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጎ ግድግዳውን ማየት ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ሆን ብሎ ማሳደግ ይቻላል?

ይቻላል። ምስሉን ከማመቅ በፊት ጠርዙን ስለታም ማድረግ ወይም ኮንትራስቱን ከፍ ማድረግ የቪማፍን ነጥብ ይጨምራል፤ ከዋናው እየራቀ ሳለ ነጥብ ያተርፋል ማለት ነው። `vmaf_v0.6.1neg` የተባለው ሞዴል የወጣው ይህን ትርፍ ለመንፈግ ነው፤ የሁለት ኢንኮደሮችን ብቃት ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው እርሱን ይጠቀም። በኤስሲም በኩል ደግሞ x264 በተባለው ኢንኮደር ላይ `-tune ssim` ማለት ለዓይን የሚያምረውን የእህል መሰል ዝርዝር የሚያቆዩትን ስልቶች ያጠፋል፤ ቁጥሩ ይወጣል፣ ጭሱና የነጠላው ሽመና ግን የተለሰነ ይመስላል።

ስንት ነጥብ ይበቃል?

ኔትፍሊክስ በሰጠው አተረጓጎም በተለመደው ሞዴል 70 ማለት ተራ ተመልካች “ጥሩ” እና “መካከለኛ” በሚሉት መካከል የሚሰጠው ፍርድ ነው። የስድስት ነጥብ ያህል ልዩነት ተመልካች ሊያስተውለው የሚችል መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ስለዚህ በ94 እና በ95 መካከል መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ብዙ ባለሙያዎች ለከፍተኛ ጥራት ከ93 እስከ 95 አማካይ ያነጣጥራሉ። እኔ በዚያ ላይ የአንድ በመቶው ዝቅተኛ ከ80 በታች እንዳይወርድ እጠብቃለሁ፤ ይህ የግሌ መስፈርት ነው፣ ለኤስሲምም እንዲህ ያለ አንድ ቁርጥ ቁጥር መስጠት አልደፍርም፣ በይዘቱ በጣም ይለያያልና።

ዋናው ፋይል በእጄ ከሌለስ?

ኤስሲምም ቪማፍም ያለ ዋናው አይሠሩም። በመልእክት መላኪያ ደርሶን ከዚያ ያስቀመጥነው ቪዲዮ ዋና አይደለም፤ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ታምቋል። ያንን እንደ ዋና ይዘን እንደገና ብናምቀውና 97 ብናገኝ፣ ነጥቡ ሁለተኛው ቅጂ የመጀመሪያውን ብሎክና ብዥታ በታማኝነት እንደያዘ ብቻ ይነግረናል። ስለዚህ ከካሜራው ካርድ ላይ ያለው ፋይል እስኪለካ ድረስ እንዳይሰረዝ፣ ካርዱም እንዳይፎርማት፤ ቢያንስ ከእያንዳንዱ ሥራ ብልጭታ፣ ጨለማ፣ ጭስና የሕዝብ እንቅስቃሴ ያለበት አንድ ደቂቃ ሳይነካ ለንጽጽር ይቀመጥ።